ለአከራዬ የምሰጠው ደብዳቤ፦ በተከራየሁት ክፍል ልብስ መስፋት እንዲፈቅዱልኝ

ማህሌት_ሳሪስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሳሪስ አካባቢ ግቢ ውስጥ አንድ ሰርቪስ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። አከራዬ እትዬ እዚያው ግቢ ዋናው ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት። ልጃቸውና ሁለት ትንንሽ የልጅ ልጆችም አብረዋቸው አሉ። ከእኔ ሌላ ሁለት ተከራዮች አሉ። ቆጣሪው አንድ ነው፤ ሒሳቡን ለአራት ቤት እኩል እንካፈላለን።

ቤት ውስጥ ስፌት መጀመር እፈልጋለሁ። ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ አልፎ አልፎ ቀሚስ። ሞተር የተገጠመላት ሲንጀር አለችኝ፤ ያገለገለ ኦቨርሎክም ገዝቻለሁ። ችግሩ ውላችን ላይ «ለመኖሪያ አገልግሎት ብቻ» ተብሎ ተጽፏል፤ ውሉም ወረዳ ተመዝግቧል። በድብቅ መጀመር አልፈልግም። ስለዚህ ይህን ጻፍኩ፦

«ለተከበሩ ወ/ሮ … ፤ ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደሞከርኩት፣ እኔ ተከራይዎ ኑሮ ስለከበደኝና ሌላ ገቢ ስለሌለኝ በቤትዎ ውስጥ የስፌት ሥራ ብሠራ እንዲተባበሩኝ እየጠየቅሁ፣ ለሚያደርጉልኝ ቀና ትብብር ከወዲሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከሰላምታ ጋር።»

ይበቃል ወይስ የሚጨመር አለ?

ሳምሪ_ጀሞ

እህቴ፣ ለምን ትለምኛለሽ? አዲሱ የኪራይ አዋጅ አለልሽ እኮ። ውል ከሁለት ዓመት በታች አይሆንም ይላል። ኪራይሽን በባንክ እስከከፈልሽ ድረስ ማንም አያስወጣሽም። ዝም ብለሽ ስፊ።

ውል_አንባቢ

ሳምሪ ግማሹን ልክ ብሏል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የውሉን ዘመን ቢያንስ ሁለት ዓመት አድርጎታል። ግን ያ ጥበቃ ውሉን ላከበረ ተከራይ ነው። ማህሌት «ለመኖሪያ ብቻ» በሚል ወረቀት ላይ ፈርማለች። የተከራዩትን ቤት ከተባለለት አገልግሎት ውጭ ማዋል ለአከራይ ውሉን ለማፍረስ ምክንያት ይሰጠዋል። ዝም ብላ ከጀመረች፣ ሁለት ዓመቱን ራሷ አደጋ ላይ ጣለችው ማለት ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ ልምጣ። ማህሌት፣ ደብዳቤሽ ስለ አንቺ ችግር ነው የሚያወራው። እትዬ ግን ሲያነቡት የሚያስቡት ስለ ቤታቸው ነው። ስንት ሰው በር ሊያንኳኳ ነው? መብራቱን ማን ሊከፍል ነው? እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚጮኸው? ነገ ውጪ ብላት «ሱቄ ነው» ትለኝ ይሆን? ለእነዚህ አንድም መልስ የለውም። «ትብብር ስለመጠየቅ» የሚለውም ምንም አይናገርም። ጉዳዩ ላይ የምትፈልጊውን በግልጽ ጻፊው።

አከራይ_እናት

ልጄ፣ እኔም ግቢዬ ውስጥ አራት ክፍል አከራያለሁ። አንድ ተከራይ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ድንገት ቢያቀብለኝ እደነግጣለሁ። አንድ ግቢ እየኖርን፣ ቡና እየተጠራራን፣ ወረቀት ለምን መጣ? ክስ ነው የሚመስለኝ። መጀመሪያ ቁጭ ብለሽ በቃል ንገሪያቸው። ደብዳቤው ከዚያ በኋላ «የተነጋገርነውን ላስፍረው ብዬ ነው» ተብሎ ይመጣል።

የሚያስፈራንን ልንገርሽ። ኮቴ ነው። የማላውቀው ሰው «ልብሴን ልውሰድ» እያለ ከጠዋት እስከ ማታ ግቢዬ ሲገባ። በሩ ክፍት ሲቀር። ከዚያ መርፌ። የልጅ ልጆቼ በባዶ እግራቸው ነው ግቢ ውስጥ የሚሮጡት። ከዚያ መብራት። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ንግድ ቤት ሆነ» ተብሎ ወረዳ እንዳይመጣብኝ።

ቤቲ_ኮንዶ

እኔ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምሰፋው። ባለቤቱ ፈቅዶልኝ ነበር፤ ከታች ያለችው ጎረቤት ግን ለኮሚቴው ከሰሰችኝ። ማሽኑ ኮርኒሷ ላይ ይንቀጠቀጣል። አሁን ማታ አልሰፋም። ለኮሚቴው የሚጻፍ ደብዳቤ ያለው ሰው ካለ ይላክልኝ።

ውል_አንባቢ

ቤቲ፣ ያንቺ ሌላ ነው፤ የጋራ ሕንፃ የራሱ መተዳደሪያ ደንብ አለው። ለብቻው ክፈቺው፣ እዚያ እንነጋገራለን።

ልብስ_ሰፊው_መርካቶ

ማህሌት፣ ብዙ ዓመት በዚህ ሥራ ነው ያለሁት። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የኦቨርሎኩ ሞተር ላይ ስንት ዋት ተጽፏል? የሲንጀሯስ? ካውያሽስ?

ማህሌት_ሳሪስ

አየሁት። ኦቨርሎኩ 400 ዋት ይላል፤ ትልቁ ከጠረጴዛው ሥር የሚንጠለጠለው ዓይነት ነው። ሲንጀሯ 100። ካውያው 1000።

እማማ፣ ምክርዎን በጣም አመሰግናለሁ። ደብዳቤውን በር ሥር ልሰድ አስቤ ነበር።

ልብስ_ሰፊው_መርካቶ

ጥሩ። እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ እትዬም ይህን ነው ማየት ያለባቸው።

ሲንጀሯ በቀን 5 ሰዓት ብትሠራ፣ በወር 26 ቀን፣ 13 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ካውያው በቀን አንድ ሰዓት ቢግል 26 ይሆናል። ኦቨርሎኩ ላይ ተጠንቀቂ። ያ ዓይነት ሞተር ባትሰፊበትም ማብሪያው እስካልጠፋ ድረስ ይዞራል፤ ይበላልም፣ ያጉረመርማልም። የጨርቅ ጫፍ ስትዘጊ ብቻ አብሪው። ልብሶቹን ሰብስበሽ በአንድ ጊዜ ከዘጋሽ በቀን አንድ ሰዓት ይበቃሻል፤ በወር ከ10 ትንሽ ከፍ ይላል። ጠቅላላው ወደ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው።

ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ግን የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው፤ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ዋጋም ይጨምራል። አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ስለሆናችሁ አሁንም ከፍ ያለው እርከን ላይ ትሆናላችሁ። ያንቺ 50 የሚጨመረው ከላይ፣ ውድ በሆነው በኩል ነው። እኩል መካፈላችሁን ከቀጠላችሁ ሌሎቹ ሦስት ቤቶች ያንቺን ስፌት ይከፍላሉ። አንድ ወር ዝም ይላሉ፣ ሁለተኛው ወር ላይ ጠብ ነው። ስለዚህ ለክፍልሽ በራስሽ ወጪ ትንሽ የውስጥ ቆጣሪ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስገጥሚ። ንባቡን በየወሩ እትዬ ባሉበት እዩት። ዋጋውን ደግሞ በወሩ ቢል ከፍተኛው እርከን አስቢው እንጂ በአማካይ አይደለም።

ሌላው ምጣድ ነው። ግቢው ውስጥ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገራል?

ማህሌት_ሳሪስ

አዎ፣ እትዬ ረቡዕና ቅዳሜ ይጋግራሉ። ያኔ ብዙ ጊዜ ማብሪያው ይወድቃል።

ልብስ_ሰፊው_መርካቶ

እሱን ነው የፈራሁት። ምጣድ ብቻውን 3500 ዋት አካባቢ ይስባል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፒር ነው። ያንቺ ካውያ 4.5 አምፒር ይጨምርበታል። የሰርቪስ ቤት ገመድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው። ሶኬቱን በእጅሽ ንኪው፤ ከሞቀ ወይም ከጠቆረ መጀመሪያ እሱን አስቀይሪ። ደብዳቤው ላይም «በሚጋግሩበት ሰዓት ካውያ አልሰካም» ብለሽ ጻፊ። ለእሳቸው ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከብዙ ምስጋና ትበልጣለች።

ከዚህ ሥራ የማውቀው ትልቁ አደጋም ካውያ ነው። እየተኮስሽ መብራት ይጠፋል። ካውያውን ጨርቁ ላይ አስተኝተሽ ትወጫለሽ፣ ሱቅ ትሄጃለሽ። መብራት ሲመጣ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። እኛ ሰፈር ክፍል የተቃጠለው በዚህ ነው። መብራት እንደጠፋ ካውያውን ማንሳት ብቻ አይበቃም፤ ሶኬቱን መንቀል ነው።

ድምፁን በተመለከተ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ከጠረጴዛው እግር ሥር የመኪና ጎማ ቁራጭ አድርጊ። ጠረጴዛውን ከግድግዳ ጣት ያህል አርቂው፤ ግድግዳውን ከነካ ድምፁ ወደ ጎረቤት ክፍል ያልፋል። ለመርፌውና ለስፒሉ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት አለ። ማታ ማታ ወለሉ ላይ አሳልፊው፣ የወደቀውን ሁሉ ይሰበስብልሻል።

ነጋ_ንግድ_ፈቃድ

ቲን ቁጥር አውጥተሻል? መጀመሪያ ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ማመልከቻ ማስገባት ነው። የባለቤትነት ካርታ ኮፒና የኪራይ ውል ይጠይቁሻል። ደብዳቤውንም ለወረዳው ነው መጻፍ ያለብሽ፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብለሽ።

ውል_አንባቢ

ነጋ፣ እሷ የጠየቀችው የአከራይ ፈቃድ ነው። ሁለቱ መምታታት የለባቸውም። እትዬ ቢፈቅዱላት ንግድ ፈቃድ አወጣች ማለት አይደለም፤ ወረዳው ፈቃድ ቢሰጣትም እትዬን አያስገድድም። ግን አንድ ጠቃሚ ነገር አስታወስከን። ነገ ፈቃድ ላውጣ ስትል የእትዬ ካርታ ኮፒ ሊጠየቅ ይችላል። ይህን አሁን ደብቃ ኋላ ብትጠይቃቸው ተታለልኩ ይላሉ። ስለዚህ ደብዳቤው ውስጥ «ፈቃድ ለማውጣት ስወስን አስቀድሜ አነጋግርዎታለሁ፤ ያለ እርስዎ ስምምነት የቤቱን አድራሻ አልጠቀምም» የሚል ይግባ።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ እትዬ ደብዳቤውን ተቀብለው «እስኪ እናያለን» ብለው ዝም ቢሉ፣ ፈቀዱ ማለት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1682 ዝምታን እንደ መቀበል አይቆጥርም። ግልጽ መልስ እስኪመጣ ድረስ ማሽኑን አታስነሺ። ሁለተኛ፣ የዚሁ ሕግ ቁጥር 1722 በተለየ ፎርም የተደረገ ውል ሲለወጥም በዚያው ፎርም ይሁን ይላል። ውልሽ በጽሑፍ ነው፣ ተመዝግቧል። ስለዚህ በቃል «እሺ ስፊ» ቢሉሽ ለዛሬ ሰላም ይሆናል፤ ነገ ግን አይከላከልልሽም። ከተስማማችሁ አጭር የውል ማሻሻያ ጽፋችሁ፣ ሁለታችሁና ሁለት ምስክሮች ፈርማችሁ፣ ውሉ የተመዘገበበት ቦታ ውሰዱት።

ሳምሪ_ጀሞ

ያ እንኳን ትክክል ነው። ግን ኪራይ ጨምሪ ቢሏትስ? እኔ ብሆን 500 ብር እጨምራለሁ ብዬ ራሴ እጽፍ ነበር። ቶሎ ይስማማሉ።

አከራይ_እናት

እኔ ደስ አይለኝም። መጀመሪያውኑ ገንዘብ ከቀረበልኝ ሥራው ትልቅ ነው ብዬ ነው የማስበው።

ውል_አንባቢ

እኔም አልጽፈውም። የኪራይ ጭማሪ በአዋጁ ገደብ ተደርጎበታል፤ ለስፌቱ ተብሎ የሚከፈል ተጨማሪ ኪራይ በዚያ ገደብ ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ያከራክራል። የመብራት ወጪዋን ግን በትክክል መክፈል አለባት። ሳምሪ እንዳለው እትዬ ከጠየቁ በዚያን ጊዜ ይነጋገሩበት።

ማህሌት_ሳሪስ

የሁላችሁንም አንብቤ እንደገና ጻፍኩት። ነገ ከሰዓት ቡና አፍልቼ በቃል እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ ይህን እሰጣቸዋለሁ።

*ቀን ……………*

*ለተከበሩ ወ/ሮ ……………*
*አዲስ አበባ*

*ጉዳዩ፦ በተከራየሁት ክፍል አነስተኛ የልብስ ስፌት ሥራ ለመሥራት ፈቃድዎን ስለመጠየቅ*

*በቃል እንደነገርኩዎት፣ ከእርስዎ በተከራየሁት አንድ ክፍል ውስጥ እየኖርኩ የልብስ ጥገናና ስፌት ለመሥራት እፈልጋለሁ። ውላችን ክፍሉ ለመኖሪያ ብቻ እንዲውል ስለሚል፣ ያለ እርስዎ ፈቃድ አልጀምርም።*

*የምጠቀመው በአንድ የስፌት ማሽን፣ በአንድ ኦቨርሎክና በአንድ ካውያ ነው። ሠራተኛ አልቀጥርም፤ ሌላ ማሽንም ሳልጠይቅዎ አላስገባም። የምሠራው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። እሁድና በበዓላት ቀን ማሽን አላስነሳም። ለቅሶ ወይም ሕመም በግቢው ሲኖርም አቆማለሁ።*

*ደንበኛ በቀጠሮ ብቻ ይመጣል፤ በቀን ከአምስት ሰው አይበልጥም። በር ላይ ወጥቼ ተቀብዬ ራሴ እሸኛለሁ። በሩ ክፍት አይቀርም። በአጥሩም ሆነ በበሩ ላይ ማስታወቂያ አልለጥፍም።*

*የመብራት ፍጆታዬ በወር ወደ 50 ኪሎዋት ሰዓት ይጨምራል ብዬ አስልቻለሁ። በራሴ ወጪ ለክፍሌ ቆጣሪ አስገጥሜ፣ የተጠቀምኩትን በወሩ ቢል ከፍተኛ ዋጋ አስቤ ከድርሻዬ በላይ እከፍላለሁ። እርስዎ በሚጋግሩበት ሰዓት ካውያ አልሰካም። መብራት ሲጠፋና ከክፍሉ ስወጣ ሶኬቱን እነቅላለሁ።*

*ቁርጥራጭ ጨርቅ በማዳበሪያ ሰብስቤ አስወግዳለሁ፤ ፍሳሹ ውስጥ አይገባም። ልጆች እንዳይጎዱ መርፌና ስፒል በየቀኑ በማግኔት እለቅማለሁ።*

*ለስድስት ወር ለሙከራ እንዲፈቅዱልኝ እጠይቃለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሥራው ካስቸገረዎት፣ በጽሑፍ ነግረውኝ በእጄ ያለውን የደንበኛ ልብስ ለመጨረስ 15 ቀን ሰጥተውኝ አቆማለሁ። የስፌት ሥራው መቆም የመኖሪያ ኪራይ ውላችንን አያፈርስም። ክፍሉ የንግድ ቤት ነው ብዬም አልከራከርም። ንግድ ፈቃድ ለማውጣት ስወስን አስቀድሜ አነጋግርዎታለሁ፤ ያለ እርስዎ ስምምነት የቤቱን አድራሻ አልጠቀምም።*

*ከተስማሙ ይህንኑ በውል ማሻሻያ አስፍረን ብንፈራረም ደስ ይለኛል።*

*ከአክብሮት ጋር*
*ስም …………… ፊርማ ……………*

ልብስ_ሰፊው_መርካቶ

የ15 ቀኗ በጣም ጥሩ ናት። የሰው ጨርቅ በእጅሽ እያለ ዛሬውኑ አቁሚ ብትባዪ ዕዳው ያንቺ ነው። ግን የዩኒፎርም ወቅት አስቢ። ነሐሴ መጨረሻና መስከረም በ12 ሰዓት አትጨርሺም። አሁኑኑ «በነሐሴና በመስከረም እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት» ብለሽ ጠይቂ። በኋላ በራስሽ ብታራዝሚው ቃልሽን አፈረስሽ ይሆናል።

ውል_አንባቢ

«የስፌት ሥራው መቆም የመኖሪያ ኪራይ ውላችንን አያፈርስም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንዳታወጪው። ለሁለታችሁም ነው የሚጠቅመው። እሳቸው ስፌቱን ሲያስቆሙ አንቺን ሜዳ ላይ የጣሉ አይመስላቸውም፤ አንቺም ማሽኑ ቢቆም ቤትሽ ይቀርልሻል። ሁለት ቅጂ አዘጋጂ።

ማህሌት_ሳሪስ

እትዬን አነጋገርኳቸው። መጀመሪያ ዝም ብለው አዳመጡኝ። ከዚያ ደብዳቤውን ልጃቸው ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ምጣዱ ጋ ሲደርስ «ይቺን እኮ እኔም አላሰብኳትም» አሉ።

ተስማምተዋል፤ ግን ሦስት ነገር ቀየሩ። ስድስት ወሩ ሦስት ወር ሆነ። ወንድ ደንበኛ ክፍሉ ድረስ አይገባም፤ በረንዳዋ ላይ ይለካል። የነሐሴና የመስከረሙን ምሽት ግን አልፈቀዱም፤ «ያኔ ደርሰን እናያለን» አሉ። የውስጥ ቆጣሪውን በጣም ወደዱት፤ ሌሎቹም ተከራዮች ይግጠሙ እያሉ ነው፤ ይሄ ጎረቤቶቼን ትንሽ አስከፍቷቸዋል።

ልጃቸው ደግሞ የጠየቀኝን አልመለስኩለትም። ማሻሻያው ወረዳ ከተመዘገበ ቤቱ ግማሹ ንግድ ነው ተብሎ እናቴ ላይ ግብር ይለወጣል ወይ ነው ያለው።

ሳምሪ_ጀሞ

አይለወጥም፣ አትፍሩ።

ውል_አንባቢ

ሳምሪ፣ በዚህ ላይ በእርግጠኝነት አትናገር። ማህሌት፣ ይህን ደብዳቤው አይፈታውም። ከመፈረማችሁ በፊት የልጃቸው ጥያቄ መልስ ማግኘት አለበት። ከልጃቸው ጋር አብራችሁ ሂዱ፤ የማሻሻያውን ረቂቅ ይዛችሁ ወረዳው ገቢዎች ጠይቁ። አንቺ ብቻሽን ጠይቀሽ መልሱን ብታመጪላቸው ላያምኑሽ ይችላሉ።

አከራይ_እናት

እኔም ይህን መልስ እፈልጋለሁ ልጄ፣ ስታገኙ እዚሁ ጻፊልን። ጎረቤቶችሽንም ቡና ጥሪያቸው። ቆጣሪው የመጣው በአንቺ ምክንያት ነው ብለው ነው የሚይዙብሽ።

ማህሌት_ሳሪስ

እሺ እማማ፣ ቅዳሜ እጠራቸዋለሁ። ወረዳ ማክሰኞ ከልጃቸው ጋር እንሄዳለን። ማሽኖቹ እስከዚያ እንደተሸፈኑ ናቸው።